15 ሰከንድ በሚኒባስ ውስጥ፦ ቀበቶና በር

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም የማወራችሁ። ስለ ታክሲ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት የምሳፈርበት ሚኒባስ ሹፌር፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሐኪም መሆኔን ያውቃሉ። አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጬ ሳለ «ዶክተር፣ ለተሳፋሪው አንድ አጭር ማሳሰቢያ በድምፅሽ ቅጂልኝና በፍላሽ ልጫነው። ቀበቶ እንዲያስሩ፣ በር ላይ እንዳይተራመሱ። ግን ከ15 ሰከንድ አይብለጥ፤ ከዚያ ካለፈ ‹ሙዚቃውን መልሰው› ይሉኛል» አሉኝ። እኔም ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። አራት ምሽት ፈጀብኝ። ለምን እንደፈጀብኝ ስነግራችሁ ስለ ራሱ አደጋውም ብዙ ነገር ትረዳላችሁ ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት ይሄ ነበር፦

«ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎቻችን፣ በሀገራችን የትራፊክ አደጋ በርካታ ወገኖቻችንን ለሞትና ለአካል ጉዳት እየዳረገ የሚገኝ በመሆኑ፣ ለራስዎና ለቤተሰብዎ ደህንነት ሲባል የደህንነት ቀበቶዎን በአግባቡ እንዲያስሩ፣ ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ከመቀመጫዎ እንዳይነሱ፣ በበር አካባቢ ተጨናንቀው እንዳይቆሙ፣ እንዲሁም ሕፃናትን በጥንቃቄ እንዲይዙ በትሕትና እናሳስባለን።»

በስልኬ ለካሁት። 29 ሰከንድ። የባሰው ግን እሱ አይደለም። ‹ቀበቶ› የሚለው ቃል እስኪመጣ ድረስ 19 ቃላትና 14 ሰከንድ ገደማ አልፏል። ማለትም ጋሼ የሰጡኝ ጊዜ አልቋል፣ ሰውየው ግን ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ ገና አልሰማም። ደጋግሜ ስሞክር ያየሁት፣ በጆሮ ብቻ ለሚሰማ ሰው፣ ያውም ሞተር እየጮኸ፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ በግልጽ የሚነገረው ከ25 እስከ 30 ቃል ነው። የእኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑ «ተሽከርካሪው»ን «መኪናው» ማለት ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያተርፋል።

ስለዚህ ጥያቄው «ምን ልበል?» መሆኑ ቀርቶ «በ27 ቃል ውስጥ የትኛው ጉዳት ነው የሚቀንሰው?» ሆነ። እዚህ ላይ ነው ሕክምናው የገባው።

ከቀበቶው ልጀምር። አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ውስጡ ያለው ሰውም በ40 እየሄደ ነው። መኪናው ከሌላ ነገር ጋር ተጋጭቶ ሲቆም መኪናው ነው የቆመው፤ እናንተ አልቆማችሁም። የሆነ ነገር እስኪያቆማችሁ ድረስ በዚያው ፍጥነት ወደፊት ትሄዳላችሁ። የሚያቆማችሁ ወይ ቀበቶ ነው፣ ወይ የፊተኛው ወንበር ብረት ነው፣ ወይ መስታወት ነው፣ ወይ ከፊታችሁ የተቀመጠችው ሴትዮ ጀርባ ናት። በ40 ኪሎ ሜትር ሰውነትን የሚመታው ኃይል ከ6 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ መውደቅ ነው። ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ነው እንግዲህ። በ60 ደግሞ ቁመቱ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፣ ቁመቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። የከተማ ታክሲ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቀበቶ አያስፈልግም የሚል ሰው ቀለበት መንገድ ላይ አይሳፈርም መሰለኝ።

«እጄን ወደፊት ዘርግቼ ወንበሩን እይዛለሁ» የሚል ሰው አለ። አስር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አስቡ። መኪናው ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ አስረኛ ሰከንድ ቢቆም፣ ያን ሕፃን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት 110 ኪሎ የሚሆን ነገር እንደ መያዝ ነው። ማንም እናት፣ የቱንም ያህል ብትወድ፣ አትችለውም። ክንዷ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የራሳችሁን 60 እና 70 ኪሎ በእጃችሁ መግታት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እንዲህ ሊገቱ የሞከሩ ሰዎች የእጅ አንጓ ስብራት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉን እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ግን በትክክል ከታሰረ ነው። በእኛ ሚኒባሶች የኋላ ወንበር ላይ የሚገኘው ቀበቶ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ዓይነት ነው፤ በትከሻ አያልፍም። ይሄ ቀበቶ የት ላይ እንደሚያርፍ ወሳኝ ነው። ዳሌ ላይ፣ ከሆድ በታች፣ ግራና ቀኝ እጃችሁን ስትጭኑ ጠንካራ ሆኖ በሚሰማችሁ አጥንት ላይ ካረፈ፣ ኃይሉን የሚቀበለው ከሰውነታችን ጠንካራ አጥንቶች አንዱ ነው። እምብርት አካባቢ ካረፈ ግን የሚቀበለው አንጀት ነው። ከኋላው ደግሞ አከርካሪ አለ፤ አንጀቱ በሁለቱ መሀል ይጨፈለቃል። ሊቀደድ፣ ሊደማ ይችላል፤ ከውጭ ደግሞ ምንም ላይታይ ይችላል። ከግጭት በኋላ ሆዱ ላይ የቀበቶ ቅርጽ ያለው መቅላት ወይም መበለዝ የታየበት ሰው ሕመም ባይሰማው እንኳን የግድ መታየት አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

እርጉዝ እህቶቼም ልክ እንደዚሁ፦ ከእርግዝናው በታች፣ ጭናችሁ በሚጀምርበት በኩል። በሆዱ ላይ በፍጹም አይሁን። የትከሻ ማሰሪያ ያለው ከሆነ እሱ በሁለቱ ጡቶች መሀል አልፎ በእርግዝናው ጎን ይወርዳል። «ልጄን ይጨቁንብኛል» ብለው የሚተዉት ብዙ እናቶች ናቸው። በትክክል ከታሰረ አይጨቁንም፤ ለጽንሱ ትልቁ አደጋ እናትየው መወርወሯ ነው።

አንድ ቀበቶ ለእናትና ለታቀፈችው ልጅ አብሮ ማሰርም አይሆንም፤ የእናትየው ክብደት በሙሉ ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጅ የራሱ ወንበር፣ የራሱ ቀበቶ ቢኖረው ነው ትክክሉ። ታክሲ ውስጥ ይሄ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ እኔም የእህቴን ልጅ አቅፌ ነው የምሄደው። ያኔ ማድረግ የምንችለው ጋቢናን ትቶ፣ ከበሩም ርቆ፣ ከውስጥ በኩል መቀመጥ ነው። አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ይሄን ሁሉ ግን በ15 ሰከንድ መናገር አይቻልም። ስለዚህ የልጆቹን ጉዳይ ከጽሑፉ አወጣሁት። ቅር እያለኝ ነው ያወጣሁት። ግን «ሕፃናትን በጥንቃቄ ይያዙ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንም ሰው አንድም ነገር እንዲያደርግ አያስችለውም፤ «እሺ፣ እንዴት?» ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለውም።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። በአደባባይ ላይ ስትዞሩ ሰውነታችሁ ወዴት እንደሚሄድ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሀገር የምንነዳው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ አደባባይን የምንዞረው ወደ ግራ እየታጠፍን ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ሰውነታችን ወደ ቀኝ ይገፋል። የሚኒባሱ በር ያለው ደግሞ በቀኝ ነው! ማለትም እያንዳንዱ አደባባይ በር ላይ የቆመውን ሰው ወደ ውጭ ይገፋዋል። ውስጥ ያለው ሰው ሲደገፍ ደግሞ ማንን ነው የሚገፋው? ያንኑ በር ላይ ያለውን። በዚህ ላይ ተንሸራታቹ በር በደንብ ካልገጠመ፣ መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይከፈታል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ተወርውሮ ይዘጋል። ሲከፈት የተደገፈውን ሰው ይጥላል፣ ሲዘጋ የበሩን ጠርዝ የያዘውን ጣት ይቀረጥፋል። አንድ ነገር ብቻ ነው ጥፋቱ፦ በሩ ሳይቆለፍ መነሳት።

ሌላው «ወራጅ አለ!» ብሎ ወዲያው ከወንበር መነሳት ነው። ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ሹፌሩ እንዳያሳልፈን፣ ረዳቱ እንዳይቆጣን። ያኔ ግን ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቆሟል፣ አንድ እጁ ዕቃ ይዟል፣ በሩ ተከፍቷል፣ መኪናው ገና አልቆመም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደፊት ይወረወራል። እግሩ ቀድሞ መሬት ከነካ ደግሞ ሰውነቱ በመኪናው ፍጥነት እየሄደ እግሩ ይያዛል፤ ተሽከርክሮ ይወድቃል። የኋላው ጎማ ደግሞ ከበሩ ብዙም አይርቅም።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ)። ተማሪ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ማታ ወንበር ሞልቶ በር ላይ ቆሞ ሲሄድ አደባባይ ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱን በጎን በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መታው። ለትንሽ ጊዜ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ «ደህና ነኝ» አለ። ሰው ሁሉ «እግዜር ነው ያተረፈህ» ብሎ ሸኘው፣ ቤቱ ሄዶ እራት በላ። ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም አለ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ አስታወከው፤ እናቱ ልትቀሰቅሰው ስትሞክር መንቃት አልቻለም። እኛ ጋ ሲደርስ አንደኛው የዓይኑ ብሌን ከሌላኛው ሰፍቷል።

ምን ሆኖ ነው? ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ በግንባር ጎን ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው። ከውስጡ ደግሞ አንድ ደም ቅዳ ተጣብቆበት ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ደም ቅዳውም ይቀደዳል፣ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መሀል ደም መጠራቀም ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ደህና ይመስላል፤ ያወራል፣ ይራመዳል። ደሙ ሲበዛ ግን የራስ ቅል አይለጠጥም፣ ስለዚህ የሚጨቆነው አንጎል ነው። ይሄ «ደህና ነኝ» የሚባልበት ሰዓት ነው ሰውን የሚያታልለው። ልጁ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተርፏል። ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ሌላ ታሪክ ነበር የምነግራችሁ።

ስለዚህ ከታክሲ የወደቀ ሰው፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ከሳተ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ራሱን ካልሳተም ለ24 ሰዓት ብቻውን አይደር። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ ግራ መጋባት ወይም አለመንቃት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ የብሌን መበላለጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ውሃ መሳይ ፈሳሽ መውጣት፦ ከነዚህ አንዱ ካለ «ጠዋት እንወስደዋለን» አይባልም። መተኛቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ስትቀሰቅሱት በደንብ ነቅቶ ስሙንና ያለበትን ቦታ መናገር አለበት። መንገድ ላይ ሲወድቅ ያያችሁት ሰው አንገቱን ካመመው ወይም ካልነቃ ደግሞ በብብቱ ይዛችሁ አታስነሱት፤ ጭንቅላቱንና አንገቱን ባለበት ደግፋችሁ፣ መኪና እንዳይመጣበት አስቁማችሁ አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ።

እሺ፣ ወደ ጽሑፌ ልመለስ። ሁለተኛው ሙከራዬ አጭር ነበር። «በር ላይ አይቆሙ፣ በሩን አይደገፉ» ይላል። ቀድቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው፣ በመኪናው ስፒከር፣ ሞተሩ ተነስቶ አዳመጥነው። ጉድ! «አይቆሙ» ከሚለው ውስጥ መጀመሪያ ያለችው «አ» በሞተሩ ድምፅ ትዋጣለች። የሚሰማው «በር ላይ ይቆሙ» ነው። በአማርኛ ክልከላውን የተሸከመችው ያቺ አንዲት ፊደል ናት፤ እሷ ከጠፋች ትእዛዙ ይገለበጣል። ስለዚህ አታድርጉ የሚለውን ሁሉ አድርጉ በሚል ቀየርኩት፦ «ሳይቆም አይነሱ» የነበረው «ሲቆም ይነሱ» ሆነ፤ «በር ላይ አይቆሙ» የነበረው «ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ» ሆነ።

ጋሼ ሳቁ። «ዶክተር፣ ‹ጠጋ በሉ› ካልሽማ ትርፍ ልንጭን ነው ብለው ይሰድቡናል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ ቃል ታክሲ ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው። «ይቀመጡ» በሚለው ተካሁት።

ሌላም ያስቸገረኝ ነገር ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ የሌለው ስንት ሚኒባስ አለ? ቀበቶ ለሌለው ሰው «ቀበቶዎን ይሰሩ» ብትሉት ይስቃል፤ አንዴ ከሳቀ ደግሞ ስለ በሩ የምትሉትንም አይሰማም። ዝም ብሎ «ቀበቶ ካለ» ማለት ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ሰው የለም ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔ የሆነው በእጁ እንዲፈልግ መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ቀበቶው አለ፣ ግን በወንበሩ መሀል ተወትፎ ወይም በሽፋኑ ተሸፍኖ ነው።

«እርስዎ» ብዬ የጻፍኩትም ለጨዋነት ብቻ አይደለም። «እሰር» ብል ሴቶቹ፣ «እሰሪ» ብል ወንዶቹ ለእኔ አይደለም ይላሉ፤ «እሰሩ» ደግሞ ለሁሉም ሲሆን ለማንም አይሆንም። «ይሰሩት» ሲባል እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይሰማዋል።

የመጨረሻው ይሄ ነው። 27 ቃል፣ ሁለት ቦታ ትንፋሽ ወስጄ ልክ 15 ሰከንድ፦

«ተሳፋሪዎች፣ ከመነሳታችን በፊት! የወንበርዎን ጎን ይዳብሱ፤ ቀበቶ ካለ ዳሌዎ ላይ ይሰሩት። በሩ ይዘጋ። ከበሩ ራቅ ብለው ወደ ውስጥ ይቀመጡ። ወራጅ ካለ ቁጭ ብለው ይናገሩ፤ መኪናው ሲቆም ይነሱ።»

ትንፋሽ የምትወስዱት «ይሰሩት» ከሚለው በኋላና «ይቀመጡ» ከሚለው በኋላ ነው። የመጀመሪያው እረፍት ሰው እጁን እንዲያንቀሳቅስ ጊዜ ይሰጠዋል። የሚከፈትበት ሰዓትም ወሳኝ ነው፦ ተራ ላይ ሰው እየገባ ሳለ ከተከፈተ ማንም አይሰማም፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ ከሆነ ደግሞ ቀበቶ መፈለጊያው ጊዜ አልፏል። ሁሉም ተቀምጦ፣ ሙዚቃው ጠፍቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሽ ሳይገባ፦ እዚያች ላይ ነው። «በሩ ይዘጋ» የሚለው ደግሞ ለተሳፋሪው ብቻ አይደለም። ለረዳቱ ነው፤ በሰው ፊት ስለተነገረ ዝም ብሎ ማለፍ ያፍራል።

ስፒከር የሌለው ታክሲ ላይ ረዳቱ ራሱ ይበለው። ለእሱ እንኳን ሦስት ነገር ብቻ ይበቃዋል፦ «ቀበቶ ያለው ይሰር፣ በሩን ዘግቻለሁ፣ ሲቆም ነው መነሳት!» አምስት ሰከንድ አይሞላም።

ወደ ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ሚኒባስ ግን ይሄ ጽሑፍ አይበቃም። እዚያ በር ላይ የሚቆም ሰው ያንሳል፣ ፍጥነቱ ግን ይበልጣል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰከንድ ለቀበቶው መሰጠት አለበት። ከኋላችሁ ያለው ሰው ካልታሰረ እናንተ ብትታሰሩም ጀርባችሁን የሚመታው እሱ ነውና «ከኋላዎ ያለውም መታሰሩን ይዩ» የሚል እጨምርበት ነበር።

ፖስቱን ሳልለጥፍ በፊት «መኪናው ቢቃጠል ቀበቶው አያስወጣኝም» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ሁሌም ይመጣል። ከሚቃጠል መኪና የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነው፤ ቀበቶው ጭንቅላታችሁ እንዳይመታ ያደርጋል፣ መፍቻው ደግሞ አንድ ጭነት ነው። ካሰራችሁ በኋላ አንዴ ፍቱትና መልሳችሁ እሰሩት፤ ማስለቀቂያው የት እንዳለ እጃችሁ ያውቀዋል።

ጋሼ ድምፁን መጫወት ከጀመሩ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ጎኑን ሲዳብስ «እንዴ፣ እዚህ አለ እኮ!» ብሎ ከወንበሩ ሽፋን ስር የቀበቶ ጫፍ አወጣ። ማታ ጋሼ ሽፋኑን በሙሉ ገልጠው ቢያዩ አምስት ቀበቶ ተገኘ። ሁለቱ መቆለፊያ የላቸውም። ሦስቱ ይሠራሉ፤ አሁን ከሽፋኑ በላይ ናቸው።